የጎደለው አራት

መጽሐፌ ሊመረቅ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለራሴ መጽሐፍ ትምህርት እየተሰጠኝ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የእኔ እኩያ ነው። ባነር፣ የሠርግ ጥሪና የሱቅ ታፔላ ያትማል። ጁባ ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ማስታወቂያ ይሠራ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነው የሚያወራው፤ ለምን ዓይኑ ላይ እንደማያደርገው ጠይቄው አላውቅም። እኔ የፈለግኩት አንድ ማስታወቂያ ብቻ ነበር፤ ሽፋኑ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ በቃ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«አንዴ ብትነግሪያቸው አንዴ ሰምተው ይረሱታል» አለኝ። «ሰባት ቀን እንቆጥራለን። ቴሌግራም ቻናልሽ ላይ በቀን አንድ ፖስት። ግን በየቀኑ በሌላ በር ነው የምንገባው። ዛሬ ሽፋኑን ያየ ሰው ነገም ሽፋኑን ካየ አሳልፎት ይሄዳል።»

ወረቀት አውጥቶ ከሰባት እስከ አንድ ወደ ታች ቁጥር ጻፈ። ሰባት ላይ የሽፋኑ ግማሽ፤ ግማሹ ይሸፈናል። ስድስት ላይ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ ሌላ ምንም የለም። አምስት ላይ ለምን እንደጻፍኩት፣ በራሴ አንደበት፣ ከስድስት መስመር ሳይበልጥ። አራት ላይ ከመጽሐፉ አንድ ሰው። ሦስት ላይ ካርቶኖቹ ከአዲስ አበባ ሲገቡና ሲከፈቱ። ሁለት ላይ ቀድመው ያነበቡ ሰዎች የሰጡት አስተያየት። አንድ ላይ ቦታና ሰዓት። መልኩ ከላይ እስከ ታች አንድ ይሆናል፤ ያው ቀለም፣ ያው ፊደል፣ ቁጥሩ ቀኝ ጥግ ላይ በትልቁ። ሰው ቁጥሩን ብቻ ዓይቶ የማን እንደሆነ ማወቅ አለበት አለኝ።

«ምሳ ሰዓት ላይ እንለቀዋለን፤ ስድስት ተኩል። የቢሮው ሰው ስልኩን የሚያየው ያን ጊዜ ነው። ሁሉንም ዛሬ ጭነን ሰዓት እንሞላላቸዋለን፣ ራሳቸው ይወጣሉ። አንቺ ኮሜንት መመለስ ብቻ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ።»

እኔ ትራንዚተር ነኝ። ከኒሙሌ ድንበር የሚገቡ መኪኖችን ወረቀት እያስጨረስኩ አሥራ አንድ ዓመት ጁባ ኖሬያለሁ። ነገር ቀድሞ ተዘጋጅቶ በሰዓቱ ሲወጣ ደስ ይለኛል። ሰውየው የነገረኝ ሁሉ ልክ ነው ብዬ ተስማማሁ። ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም አራት ላይ ነው።

አራት ላይ የመረጥኳት ሰው ጓደኛዬ ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ መጽሐፉ ውስጥም አልጻፍኩም። ጁባ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ኒምራ ታላታ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን ኖረናል። ከአሰላ ነው የመጣችው። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዛ፣ ባንክ ትገቢያለሽ ብሎ የጠራትን ሰው ቃል አምና መጣች። ሰውየው ስልኩን አጠፋ። እሷም አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ካምፕ ገብታ ድስት ማጠብ ጀመረች። ለአባቷ ግን ከመነሳቷ በፊት «ባንክ ነው» ብላ ነግራዋለች። አባቷ ደግሞ ለጎረቤቱ፣ ለዕድሩ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ነግሯል። ነገሩ ከእጇ ወጥቶ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮዬ ትመጣ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ባዶ ነው። የእኔን ጃኬት ትለብስና ወንበሬ ላይ ትቀመጣለች፤ ካልኩሌተሩን እጇ ሥር አደርግላታለሁ፣ ማኅተሙን ፊት ለፊቷ አስቀምጣለሁ፣ ፎቶ አነሳታለሁ። ጃኬቱ ዳለቻ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ወድቆ በጥቁር ፋንታ ቀይ ተክቼበታለሁ። እኔ ወፈር ያልኩ ሰው ነኝ፤ እሷ ደግሞ ያኔ ቀጫጫ ነበረች። ከኋላ በኩል ጨርቁን ሰብስበን በወረቀት መያዣ ክሊፖች እንቆነጥጠዋለን፤ ከፊት ሲታይ ልኳ ይመስላል። ቢያንስ ለእኛ ልኳ ይመስለን ነበር። እየሳቅን ነበር የምናደርገው። ፎቶው በተላከ ቀን ግን ማታ እራት አትበላም።

አባቷ በምላሹ በሶ ይልክ ነበር። ወደ ጁባ የሚመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር በሶ፣ አንዳንዴም በላስቲክ ጣሳ የታሸገ ቅቤ። «ባንክ የምትሠራ ሴት በሶ ምን ያደርግላታል?» እያልን እንገረም ነበር። ግን በጥብጠን ጠጥተናል፣ ጨብጠን በልተናል፤ ወሩ መጨረሻ ላይ ከበሶው ሌላ ቤት ውስጥ ምንም ያልነበረበት ጊዜ አለ።

ዛሬ ጓደኛዬ የራሷ ምግብ ቤት አላት፤ ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ ታልፎ። ከድስት አጣቢነት ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ራሷ ቤት፣ ማንም ሳያግዛት ነው የደረሰችው። ለአባቷ ባንኩን ለቅቄ ንግድ ጀመርኩ ብላዋለች። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሸት እንደዚያው ተቀምጦ ቀረ። ምረቃውም የሚደረገው እዚያው ምግብ ቤቷ ነበር።

ምዕራፉን ሳላነብላት አላሳተምኩትም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ዓምና እዚያው ምግብ ቤቷ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ክሊፖቹ ጋ ስደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ጻፊው» አለችኝ። «ስሜን ብቻ እንዳታነሺ።» እኔም ፈቃድ ማለት ይኸው ነው ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ።

ለፖስቱ ፎቶ ሲፈለግ ጃኬቱን ከሻንጣ አወጣሁት። እስካሁን አለ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ የቢሮ ወንበር ጀርባ ላይ አንጠልጥሎ ፎቶ አነሳው። ቀዩ ቁልፍ ጥርት ብሎ ይታያል። እሱ ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ እንጠቀም ብሎ ነበር፤ «አይሆንም፣ እውነተኛው ይሻላል» ያልኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ እንዲህ ጻፍን፤ «በየቅዳሜው የእኔን ጃኬት ለብሳ የእኔ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ፎቶው ለአባቷ ነው። አባቷ ባንክ የምትሠራ ይመስለዋል። ሥራዋ ግን ድስት ማጠብ ነው።» እሱ አንድ ነገር ጨመረበት። «ማን ትሆን?» የሚል። ጥያቄ ያለው ፖስት ኮሜንት ያመጣል አለኝ። እኔም «ቆንጆ ነው» አልኩ። ያልኩትን አስታውሳለሁ፤ «ቆንጆ ነው»።

ቅዳሜ ሰባት ወጣ። እሑድ ስድስት። ሰኞ አምስት። እኔ ቢሮዬ ሆኜ ምሳዬን በአንድ እጅ እየበላሁ በሌላው መልስ እጽፋለሁ። ሰው ይጽፍልኛል፤ የማላውቀው ሰው ሳይቀር። ለምን እንደጻፍኩት ያወጣሁት ላይ አንዲት የነርስነት ሥራ የምትሠራ ሴት «እኔም ብጽፍ ይህንኑ ነበር የምጽፈው» አለችኝ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ልቤ አበጠ። ማክሰኞ ጠዋት ከቤት ስወጣ ስለ መኪናና ስለ ወረቀት አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስንት ኮሜንት እንደሚመጣ ነው።

ግን አንድ መኪና ከወንዙ ማዶ፣ ጉምቦ ኬላ ላይ ቆሞ ነበር። ከኒሙሌ የመጣ የሲሚንቶ መኪና ነው፤ ከወረቀቶቹ አንዱ ላይ የሰሌዳ ቁጥሩ ተሳስቷል። ድልድዩን ተሻግሬ ሄድኩ፤ ከሾፌሩ ጋር፣ ከተቆጣጣሪው ጋር፣ ደግሞ ከሾፌሩ ጋር። ጠራራ ፀሐይ ነው። ስልኬ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ተቆጣጣሪው መጨረሻ ላይ «ከላስ፣ ማፊ ሙሽኪላ»፣ በቃ ችግር የለም፣ ብሎ ሲያሰናብተን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከአንዱ ሻይ ቤት ቻርጅ አድርጌ ስልኩን ስከፍተው መንቀጥቀጡን አላቆመም።

የመጀመሪያው ኮሜንት የሚስቅ ፊት ነበር። ሁለተኛው «ጃኬቱ ትልቅ ነው» ይላል። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው ጓደኛዬን በስም ጠርቷታል። ስሟን ከነምግብ ቤቷ። «እሷ አይደለችም እንዴ? ካምፕ እያለች አውቃታለሁ።» ከሥሩ ሰው ተቀባብሏል። አንዱ አድንቋታል፣ አንዱ ቀልዶባታል፣ አንዷ «አሰላ ላሉት ላኩላቸው» ብላለች። ላኩላቸው።

የቦዳ ሞተር ይዤ ድልድዩን ተመለስኩ። ሞተሩ ላይ ሆኜ ደወልኩላት፤ አታነሳም። ማተሚያ ቤቱ ስደርስ ሰውየው መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጓል። እንደዚያ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«አጥፋው» አልኩት።

«ከቻናሉ ላጠፋው እችላለሁ። ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው ግን አይጠፋም። ስክሪንሾት ያነሳውም አለ።»

«አጥፋው ብዬሃለሁ!»

አጠፋው። ከዚያ ሌላ አራት እናድርግ አለኝ፤ የገበያ ፎቶ፣ የወንዙ ፎቶ፣ ምንም፤ ቆጠራው መሃሉ ጎዶሎ ከሆነ ሰው ይጠይቃል። አይሆንም አልኩት። ይጠይቅ። የታሪኩ ባለቤት ያልፈቀደችው ነገር የወጣበትን ቦታ በወንዝ ፎቶ መሙላት አስጠላኝ። ማብራሪያም አልጻፍንም፤ ማብራሪያ መጻፍ ደግሞ ሌላ ፖስት ማውጣት ነው ያለኝ እሱ ነው፤ በዚህ ልክ ነበር።

ምግብ ቤቷ ስገባ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሽንኩርት የምትልጥ ሴት ታዛለች። አየችኝ። ትዕዛዟን ጨርሳ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ወንድሜ ደወለልኝ» አለችኝ። «ጃኬቱን አወቀው። ፎቶው አባባ ሳሎን ተሰቅሏል እኮ፤ በፍሬም። ቀዩን ቁልፍ ስንት ዓመት ሲያየው የኖረ ነገር ነው።»

«አባትሽ አይተዋል?»

«ወንድሜ እንዳያሳየው ለመንኩት። የአጎቴ ልጅ ቀድማ አሳይታዋለች።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። ስልኩን መልሶላት ወደ ጓሮ ወጣ አሉኝ።»

ይቅርታ ልበል ብዬ አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ። አንብቤልሽ ነበር አልኳት። ፈቅደሽልኝ ነበር አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት፤ እንደ ትራንዚተር ነበር የተናገርኩት፣ ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ዕቃው ይለፍ።

«ለመጽሐፍ ነው የፈቀድኩት» አለችኝ። ድምፅዋ አልጨመረም። «እኔ መጽሐፍ የሚያነብ ዘመድ የለኝም። አንድም የለኝም። ስልክ የማያይ ዘመድ ደግሞ አንድም የለኝም። ይኼን አንቺ አታውቂም? አብረሽኝ ኖረሽ?»

አውቅ ነበር። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። አባቷ ፊደል በጭንቅ እንደሚለይ፣ ወንድሟ ከስልኩ ዓይኑን እንደማይነቅል፣ እያንዳንዱን ሰው በስም አውቀዋለሁ። ግን ዓርብ ዕለት ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ ሳስብ የነበረው ስለ ኮሜንት ነው።

«ደግሞ ማን ትሆን ብለሽ» አለችኝ። «እንቆቅልሽ አደረግሽኝ።»

ተነስታ ወደ ድስቶቿ ሄደች። እኔ ትንሽ ቆየሁ፣ ማንም ምን ልታዘዝ አላለኝም፣ ወጣሁ።

ረቡዕ ሦስት ወጣ። ካርቶኖቹ፣ መቀስ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲነሳ። ከሥሩ ሰው መጽሐፉን ትቶ «አራት የት ሄደ?» እያለ ይጠይቃል። አንዱ ቀልደኛ «ኢትዮጵያውያን ከአምስት ቀጥሎ ሦስት ነው የምንቆጥረው» ብሎ ጻፈ። ለማንም አልመለስኩም። በዚያች ቀን ከሰዓት ወረቀት ስሞላ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ሁለት ላይ የሚወጣው የአንባቢዎች አስተያየት! ከሦስቱ አንዱ «በተለይ የቅዳሜዋ ሴት ከአእምሮዬ አልጠፋችም» ይላል። ሰዓት ተሞልቶለት ሐሙስን እየጠበቀ ነው። ማተሚያ ቤት ደወልኩ። ሰውየው ከፍቶ አወጣው፤ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የአንባቢውን ቃል ቆርጦ ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ግን የሰው ቃል እየቆረጥኩ የፈለግኩትን ብቻ ለማስቀረት ያን ሳምንት ድፍረቱን አጣሁ።

የቀረው አንድ ነበር፤ ቦታና ሰዓት። ቦታው የእሷ ቤት ነው። ዓርብ ስድስት ተኩል ላይ የምግብ ቤቷ ስም ሊወጣ ነው፤ ካልፈለገች ሌላ ቦታ መፈለግ አለብኝ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ የለም። እውነቱን ለመናገር ቦታው አልነበረም የጨነቀኝ። እሷ ካልመጣች ምረቃው ለእኔ ምኔም አልነበረም። መጽሐፉን የጻፍኩት ስለ እሷ ብዬ አይደለም፤ ግን ጁባ ውስጥ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ እንኳ ሳይጻፍ ይጻፋል ብላ ያመነች ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል። ቆሜ ጠበቅኳት።

«ቦታውን ልቀይረው ወይ?» አልኳት።

«ሰው ጠርተሻል፣ ሰው ይመጣል» አለች። «ሥጋውን አዝዣለሁ። ቦታ ቦታ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ? ቤቴ ነው።»

«አባትሽ ደወሉ?»

«እሑድ ነው የሚደውለው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ሁልጊዜ።» ከዚያ «ይደውል እንደሆነ» አለች።

ያን ጊዜ ይቅርታ አልኳት፤ ምንም ነገር ሳልቀጥልበት። ፈቅደሽ ነበር አላልኩም፣ ፖስቱን ሌላ ሰው ጻፈው አላልኩም። «እሺ» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። «እሺ» ብቻ። ሂሳብ የሚከፍል ሰው ጠራትና ሄደች።

ዓርብ አንድ ወጣ። ቦታው፣ ቀኑ፣ «አሥር ሰዓት፣ በጁባ አቆጣጠር»። ይህን የጨመርነው አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድሙና ሁልጊዜ ስለሚከራከሩን ነው። ቆጠራው አለቀ። ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት፣ ባዶ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ማታ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ይህን የምጽፈው ስለገረመኝ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፊቴን እየታጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ቻናሌ ላይ አዲስ ፖስት አለ። እኔ አልጫንኩትም። ያው ቀለም፣ ያው ፊደል፣ ቀኝ ጥግ ላይ በትልቁ ቁጥሩ። አራት።

ፎቶው ላይ ጓደኛዬ አለች። ነጭ ሽርጥ አድርጋለች፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፣ ሁለት እጇን ከወገቧ በላይ የሚደርስ ድስት ከንፈር ላይ አሳርፋ ካሜራውን ቀጥ ብላ ታያለች። አትስቅም። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤

«ካምፕ ውስጥ ድስት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጃኬቱ የጓደኛዬ ነበር። ይኼ ድስት የእኔ ነው። ዛሬ አሥር ሰዓት ኑ፣ ምግብ አለ።»

እርጥብ ፊቴን ይዤ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር፣ ምን ላድርግ፣ ቅናት ነው። የእሷ አንዱ ከእኔ ሰባት ፖስት ይበልጥ ነበር። ከዚያ አለቀስኩ።

ማተሚያ ቤት ስደውል ሰውየው ሳያስጨርሰኝ «ሱቁን ከፍቼ ሳልጨርስ ፎቶዋን በስልኳ ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት» አለኝ። «አንቺን ላስፈቅድ አልኩ። እኔንስ ማን አስፈቀደኝ አለችኝ። ጫንኩላት።»

ምግብ ቤቱ ስደርስ ወንበር እየደረደረች ነው። ምን እንደምል ሳስብ ቀደመችኝ።

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለች። «አባባ ካየ አይቀር ከእኔ ይየው። በራሴ ልብስ።» ከዚያ «ያንን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳው ግፊልኝ» አለችኝ። ገፋሁት።

ሰው መጣ። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የአየር መንገድ ሰዎች፣ የባንክ ሰዎች፣ ከኤጀንሲዎቹ፣ ሀይ ጀላባ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ከነሚስቶቻቸው፤ ዕቃቸውን ያሳለፍኩላቸውም ያላሳለፍኩላቸውም። ላነብ ስነሳ ሌላ ምዕራፍ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ዝናብና ስለ መንገድ የሚል፣ ማንንም የማይነካ። ገጹን ሳልገልጥ ጓደኛዬ ከወጥ ቤቱ በር «ቅዳሜን አንብቢ» አለች። አነበብኩ። ክሊፖቹ ጋ ስደርስ ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፣ ግን እንደ ዓምናው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ሰው ያጨበጨበው ወደ በሩ ዞሮ ነው። ለፊርማ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ፣ መጽሐፍ ስፈርም አመሸሁ።

እሑድ ከሰዓት ብርጭቆ ላጥብላት ሄድኩ። ከትናንቱ ያልታጠበ ብዙ ብርጭቆ ተርፏል። እሷ የሂሳብ ጠረጴዛዋ ጋ አልተቀመጠችም፤ እኔ ጋ ቆማ ታደርቃለች። ስልኩን መሃላችን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። አሰላ ቅዳሴ ካለቀ ቆይቷል። አንዱን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ ስታደርቀው አየሁ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። እጇ እርጥብ ስለነበር በአንድ ጣት ነክታ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለቀቀችው።

ሰላምታው ረጅም ነበር። ጤና፣ ሙቀቱ፣ ዝናቡ፣ እዚያ ገብሱ እንዴት እንደያዘ። እሷ «እሺ አባባ፣ እሺ አባባ» ትላለች። እኔ ብርጭቆውን ውኃ ውስጥ ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያ ኮት» አሉ። «የአንቺ አልነበረም?»

«አልነበረም አባባ።»

«የማን ነው?»

አየችኝ። «የጓደኛዬ ነው። አብራኝ ትኖር የነበረችው።»

«ወፍራም ናት?»

«ወፍራም ናት።»

የሆነ ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል።

«ሰፍቶሽ ነበር» አሉ። «ትከሻው ላይ ወርዶ ነበር። ባንክ እየሠራች ይቺን ልጅ ምን አከሳት፣ ማን ነው የማያበላት እያልኩ፣ ፎቶው ሲመጣ እሱን ነበር የማየው። በሶ ስልክልሽ የኖርኩት እኮ ለዚህ ነው።»

ጓደኛዬ ማድረቂያውን ጨርቅ ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ እጄን ከውኃው አላወጣሁም። የዚያን በሶ ግማሽ የበላሁት እኔ ነኝ።